ሽታው አለ፣ ክሎሪኑ የለም

«ጋሼ፣ ከሐረር ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የውሃ ማጣሪያ ላይ እሠራለሁ። ከምንጭ በሚወርድ ጅረት ላይ ሁለት የአሸዋ ገንዳ አለን፣ እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር። በቀን 40 ሜትር ኩብ ያጣራሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ጠረግን፤ አንድ ሰው መክሮን አሸዋው ላይም የክሎሪን ዱቄት በተንን። አሁን ሕዝቡ ውሃው ይሸታል ይላል፣ ቦኖ ላይ ስለካ ግን ክሎሪን የለም። መጠኑን ብጨምርም ለውጥ የለም።»

ወንድሜ፣ የምጠረጥረው አሸዋው ላይ የተበተነውን ዱቄት ነው። መካሪያችሁ ማጣሪያችሁን ገድሎታል። ሁለቱን ገንዳ በአንድ ቀን መጥረጋችሁ ደግሞ ጨመረበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። የእናንተ ዓይነት ዝግ ያለ የአሸዋ ማጣሪያ የሚሠራው በአሸዋው ብቻ አይደለም። ላዩ ላይ በሚያድገው ቀጭን ዝልግልግ ቆዳና ከሥሩ በአሸዋው ፍሬ ላይ በሚኖሩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ነው። እነሱ ጀርሙን ይይዛሉ፣ ከቅጠልና ከከብት እበት የመጣውንም ቆሻሻ ይበላሉ፤ አሞኒያውን ሳይቀር ይለውጡታል። እነሱ ሲሞቱ ቆሻሻው ወደ ክሎሪኑ ያልፋል፣ ክሎሪኑም መጀመሪያ እሱ ላይ ያልቃል። ክሎሪን ሆዱ እንደራበው እንግዳ ነው፤ ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ ሳይጨርስ ለጀርም አይተርፍም። ከአሞኒያ ጋር ሲጣበቅ ደግሞ ያ አፍንጫ የሚመታው ሽታ ይመጣል። ስለዚህ «ሸተተ» ማለት «በዛ» ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ነፃው ክሎሪን አልቆ የተጣበቀው ቀርቷል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ክሎሪን የሚለካውን የዲፒዲ ቁጥር 1 እንክብል ናሙናው ላይ ጨምር፤ ሮዝ ካልሆነ እዚያው ላይ ቁጥር 3ን ጨምር። ያኔ ሮዝ ከሆነ የተጣበቀ ነው። ከሱቅ የሚገዛውን ርካሽ የወረቀት መለኪያ ግን ጣለው፤ ሙቀት ከመታው በኋላ አይታመንም።

አሁን አንዱን ገንዳ ለሕዝብ ተውት። 40 ሜትር ኩቡን ብቻውን ሲያሳልፍ ውሃው በሰዓት 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከ20 አይለፍ እንጂ ይችለዋል። ሌላውን ከታች በኩል ክሎሪን ባልገባበት የተጣራ ውሃ ሙሉት፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ የጅረቱን ውሃ ከላይ በቀስታ እያሳለፋችሁ፣ የሚወጣውን ወደ ውጭ እያፈሰሳችሁ ቆዳው እስኪመለስ ጠብቁ፤ ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ይፈጃል። ሲጠራና ናሙናው ንጹሕ ሲሆን ቦታ ይለዋወጡ። እስከዚያ ሕዝቡ ውሃውን አፍልቶ ይጠጣ። ወደፊት ሲጠረግ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ አንዱ ገንዳ ብቻ። ክሎሪን ከአሸዋው በኋላ እንጂ በፊት አይገባም።

መጠኑን በግምት አትጨምር። ከገበያ የሚመጣው ዱቄት 65 በመቶ ክሎሪን ነው ይባላል፤ በቆርቆሮ መጋዘን ክዳኑ ተከፍቶ በድሬ ሙቀት የከረመው ግን ያን ያህል የለውም። መፍትሔው ፈተናውን በዚያው ዱቄት መሥራት ነው፤ ድክመቱ በውጤቱ ውስጥ ይገባል። 1 ሊትር ውሃ ላይ 15.4 ግራም ዱቄት ጨምር። ዱቄቱ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ዱቄት አይደፋም! ጓንትና መነጽር አድርግ፣ ነፋሱ ከኋላህ ይሁን። ከሳሙና፣ ከአሲድ፣ ከናፍጣ ጋር አታገናኘው። ኖራው ሲረጋ ላዩ ላይ የጠራውን ጭማቂ ቅዳ።

የተጣራ ውሃ በአራት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ቅዳና ከጭማቂው በመርፌ በየተራ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ሚሊ ሊትር ጨምር። በሊትር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ በቁጥር 1 ለካ። ሦስተኛው ባልዲ 0.5 ቢያሳይ እንበል። በ20 ሊትር 6 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 40,000 ሊትር የ20ው 2,000 እጥፍ ስለሆነ በቀን 12 ሊትር ጭማቂ ይገባል፤ ዱቄቱ 185 ግራም ገደማ። ውሃው 24 ሰዓት ከፈሰሰ ጠብታው በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 8 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ውሃው ሲቆም ጠብታውም ይቁም። ውሃው መጀመሪያው ቦኖ ከመድረሱ በፊት ከክሎሪኑ ጋር ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ መጨረሻው ቦኖ ላይም ነፃው ክሎሪን ከ0.2 አይውረድ።

አራቱም ባልዲ ዜሮ ካሉ ወይም ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ክሎሪን አትጨምር፣ ወደ አሸዋው ተመለስ።

የጠብታ ቫልቭህን ጠዋትና ማታ በመለኪያ ፈትሸው። የእኛ አካባቢ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ርካሹ የፕላስቲክ ቫልቭ ደግሞ ቶሎ ይደፈናል። ቱቦውን በኮምጣጤ ማጠብ ስትፈልግ መጀመሪያ ፈትተህ ከክሎሪኑ አርቀህ በውሃ አለቅልቀው። ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ ከክሎሪን ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ዱቄቱም ወደ ውሃ እንጂ፣ ውሃ ወደ ዱቄት አይደፋም።