የአንዱን ስልክ ቻርጀር ለሌላው፦ ጥያቄና መልስ ከሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን፦ ሳምሰንግ ኤ54 ነው ያለኝ። በእህቴ የአይፎን 20 ዋት ቻርጀር ስሰካው "Fast charging" ይላል፣ "Super fast charging" ግን አይልም። ጥፋቱ የገመዱ ነው ወይስ የቻርጀሩ?

መልስ፦ የቻርጀሩ። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ከሆነ ጥፋት የለበትም።

ቻርጀሩን ገልብጠህ "OUTPUT" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ። በአይፎኑ ላይ የምታገኘው 5V⎓3A እና 9V⎓2.22A ነው። ሁለት ቋሚ ቮልቴጅ ብቻ። የሳምሰንግ 25 ዋት ቻርጀር ላይ ግን ከእነሱ ሌላ 3.3-11.0V⎓2.25A የሚል መስመር አለ። PPS የሚባለው ይሄ ከዚህ እስከዚህ የሚለው መስመር ነው። ስልክህ ሱፐር ፋስት የሚለው እሱን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ሲያጣ 9 ቮልቱን ይዞ ወደ 15 ዋት ይወርዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ባትሪው የሚፈልገው ከ4 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ቋሚ 9 ቮልት ሲመጣለት ስልኩ ራሱ ማውረድ አለበት፣ ሲያወርድም ይሞቃል። በPPS ግን ስልኩ ቻርጀሩን "8.3 ስጠኝ፣ አሁን 8.4 አድርገው" እያለ በ0.02 ቮልት ልዩነት ያዘዋል፤ ከዚያ እሱ ለሁለት መክፈል ብቻ ይቀረዋል። ሙቀቱ ከስልኩ ወጥቶ ወደ ቻርጀሩ ይሄዳል ማለት ነው። ትእዛዙም በየ10 ሴኮንዱ ገደማ መታደስ አለበት፤ ከተቋረጠ ቻርጀሩ ወደ 5 ቮልት ይመለሳል።

የእህትሽን አትጠቀም አላልኩም። 15 ዋትም ለኤ54 መጥፎ አይደለም፣ ሲሞላ ከ25 ዋቱ ይልቅ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ቢያስጠብቅህ ነው።

ያው ጠያቂ፦ "የእህትህን" ለማለት ነው ጋሼ 😄

መልስ፦ ልክ ነህ፣ የእህትህን።

ከደብረ ሲና፦ ሰው አታሳስቱ። ዋቱ የበዛ ቻርጀር ባትሪ ይገድላል። 65 ዋት ቻርጀር በ25 ዋት ስልክ ላይ መሰካት የለበትም።

መልስ፦ ቻርጀር አይገፋም፣ ስልኩ ነው የሚስበው። ሲሰካ ሁሉም በ5 ቮልት ነው የሚጀምረው፤ ስልኩ በሚገባው ቋንቋ ካልጠየቀ ከዚያ አይወጣም። 65 የሚለው የቻርጀሩ አቅም ነው።

ከደብረ ሲና፦ ታዲያ የጓደኛዬ ስልክ በኦፖ ቻርጀር ለምን እንደ እሳት ጋለ?

መልስ፦ እሱ ሳምሰንግ ከሆነ ያገኘው ምናልባት 10 ዋት ነው፣ ስለዚህ ያጋለው ዋቱ አይደለም። ቻርጀሩ ኮፒ ይሁን፣ ገመዱ የተጎዳ ይሁን ሳላየው አልፈርድም። አንተም አትፍረድ።

ከጫጫ፦ ቆይ፣ ስለ ኦፖው ካነሳችሁ አይቀር። የእኔ 65 ዋት ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ሳምሰንጌን ግን ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ያስጠብቀኛል። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ አልተጭበረበርክም። ደቃቁ ጽሑፍ 5V⎓2A፣ ቀጥሎ 10V⎓6.5A ይላል አይደል? ሁለተኛው መስመር SUPERVOOC የሚባለውን የኦፖ ቋንቋ ለሚያውቅ ስልክና ለራሱ ገመድ ብቻ የሚከፈት በር ነው። ሳምሰንግህ ያንን ቋንቋ አይናገርም፣ ስለዚህ የደረሰው 5 በ2፣ ማለትም 10 ዋት ነው። ባለ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ 19ን ለ10 ስታካፍለው 2 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በመንገድ የሚባክነውንና መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ የሚቀንሰውን ስትጨምርበት የአንተ ሰዓት ይመጣል።

ከኦፖ ቻርጀሮች PPS ጨምረው የሚወጡም አሉ። ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን "65W" አትመኑ።

ከአለም ከተማ፦ የቴክኖ ቻርጀር ለሳምሰንግ ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው ቴክኖ? የትኛው ሳምሰንግ? ደቃቁን ጽሑፍ ላኩ።

ከሸዋሮቢት፦ እኔ ጋ ቻርጀሩም ገመዱም የሳምሰንግ ነው፣ 25 ዋት። ማታ ማታ ሱፐር ፋስት ያለው ቀን ላይ ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ የሸዋሮቢት ፀሐይ ነው። ስልኩ ሲሞቅ የሚጠይቀውን አምፔር ራሱ ይቀንሳል፣ ባትሪውን እየጠበቀ ነው። ከሽፋኑ አውጣው፣ ከመስኮት አርቀው፣ እየሞላ ጌም አትጫወት።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ጋ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ነው፣ እንግዲህ ለቻርጅ ደብረ ብርሃንን የሚያህል የለም!

ከሸዋሮቢት፦ ጋቢ ለብሶ ቻርጅ ከማድረግ ሙቀት ይሻላል 😂

መልስ፦ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ባትሪም መሞላት የለበትም። ሌሊት ውጭ ያደረ ስልክ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሙቅ። አሁን ወደ ጉዳያችን።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሬ ተቃጠለብኝ። የሌላ ስልክ ቻርጀር በመሆኑ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም እማማ፣ እሱ ከግድግዳው በኩል የመጣ ነው። መብራት ሲሄድ ይንቀሉት፣ ከመጣም በኋላ ጥቂት ቆይተው ይሰኩት።

ከሸኖ፦ ሁለት ቀዳዳ ያለው 33 ዋት ቻርጀር ገዛሁ፣ ጽሑፉ ላይ PPS አለ። ሳምሰንጌ ግን "Super fast" አላለም። ደቃቁን አንብቤአለሁ፣ አትቆጣ።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! በየትኛው ቀዳዳ ሰካኸው?

ከሸኖ፦ በሰፊው። ገመዴ በአንድ በኩል ሰፊ ነው።

መልስ፦ አገኘነው። PPS የሚነጋገረው በታይፕ ሲ ውስጥ ባለች ለብቻዋ በሆነች መስመር ነው፤ ሰፊው ጫፍ ያችን መስመር የለውም። በሰፊው በኩል ሳምሰንግ የሚያገኘው ቢበዛ የድሮውን 15 ዋት ነው። ደቃቁን ጽሑፍ እንደገና እይ፣ ለሁለቱ ቀዳዳዎች ለየብቻ ተጽፏል፤ 3.3 ብሎ የሚጀምረው መስመር ከሲው ጎን ነው የሚሆነው።

ሲ ለሲ ገመድ ግዛ፣ 3 አምፔር የሚችል ለ25 ዋት ይበቃል። ሌላውን ቀዳዳ ባዶ ተወው፤ ሁለት ስልክ ሲሰካ ብዙዎቹ ቻርጀሮች አቅሙን ያካፍሉና ሱፐር ፋስቱ ይጠፋል። አሁንም እምቢ ካለ በስልኩ ሴቲንግ ባትሪ ውስጥ "Super fast charging" የሚለው መከፈቱን እይ።

ከሸኖ፦ የጎረቤቴን ሲ ለሲ ሞከርኩ። አለ! ስልኩ 45 ዋት የሚችል ቢሆንስ ይሄው ገመድ ይሠራል?

መልስ፦ ስልኩ ይሞላል፣ ሙሉውን 45 ለማግኘት ግን ሳምሰንግ ባለ 5 አምፔር ገመድ ይጠይቃል። እሱ ውስጡ ቺፕ አለው፣ ቺፑ ከሌለ ቻርጀሩ ከ3 አምፔር አያልፍም።

ከአለም ከተማ፦ የቴክኖ ቻርጀር ለሳምሰንግ ላልኩት እኮ መልስ...

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎቶ!

ከደብረ ሲና፦ እኔ በተቃራኒው ሞክሬአለሁ። የሳምሰንጉ 25 ዋት ቻርጀር የወንድሜን ቴክኖ ፋስት አስባለው፣ የእኔን ቴክኖ ግን አላስባለም። ሁለቱም ባለ 18 ዋት ናቸው።

ከጫጫ፦ የአንተ ቀዳዳው አቧራ ይዞ ይሆናል።

መልስ፦ ሞዴሉ ይለያይ ይሆናል፤ ባለ 18 ዋት መሆን ብቻ ቋንቋውን አይነግረንም። በመሃል የሚሰካ የዩኤስቢ መለኪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ይንገረን። 9.0 ላይ ከቆመ ቋሚውን ይዟል፣ 8.2፣ 8.5 እያለ ከሄደ PPS ነው፣ 5 ላይ ከቀረ አልተግባቡም።

ከደብረ ሲና፦ መለኪያው ነገ ከደብረ ብርሃን ይመጣልኛል።

ከአለም ከተማ፦ ፎቶው ይኸው። ጽሑፉ ተፍቋል መሰለኝ።