ወገባችሁን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ብረቱ ስትመለሱ

ልጆች፣ እኔ ደሴ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ ከሰላሳ ዓመት በላይ ሰርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ብረትም ገፍቻለሁ፣ ወገቤንም ሁለቴ ይዞኝ ያውቃል። ሰሞኑን የሰፈራችን ልጆች «ጋሼ ዴድሊፍት ስሰራ ወገቤን ቀጭ አደረገኝ፣ በቃ ልተወው ወይ?» እያሉ ስለሚመጡ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለይላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ቀላሉ መቀጨት ነው፣ ህመሙ ወገብ ላይ ብቻ ሆኖ ስትንቀሳቀሱ ሻል የሚለው። እግር ድረስ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ፣ እግር የሚያዝል፣ ወይ ትኩሳት ያለው ከሆነ ወደ ሀኪም ሂዱ። ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልመጣ ካለ ወይ ካመለጠ ደግሞ ለነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አሁን የአንዱን ልጅ ነገር ላውጋችሁ፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ 24 ዓመቱ። 100 ኪሎ አምስቴ ያነሳ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአልጋ ተነስቶ በቀጥታ ጂም ገብቶ ሶስተኛው ላይ ወገቡን ያዘው። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ግን ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል ያሉት ዲስኮች ውሃ ስበው ያብጣሉ፣ ለዚህ ነው ጠዋት ላይ ወገብ ደረቅ የሚለው፣ ጎንበስ ስትሉም ጫናው የሚበዛው። ከተነሳችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከባድ አታንሱ። ይሄን ብቻ ብትይዙ ግማሹ መንገድ ነው።

ልጁ ሶስት ቀን ተኛ፣ አራተኛው ቀን ተሸክመው አመጡልኝ ማለት ይቻላል። የባሰበት መተኛቱ ነው እንጂ ጉዳቱ አልነበረም። በቀን ሶስት አራቴ አስር አስር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን እንዲራመድ አደረግኩት (ጦሳን ውጣ አላልኩትም)። ከዛ ዱላ ሰጠሁት። ዱላውን ጀርባችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፣ የጭንቅላት ኋላ፣ የትከሻ መሀል እና ጅራት አጥንት፣ ሶስቱ ቦታ ይነካል። ከዛ ጉልበት ትንሽ ሰበር ብሎ መቀመጫ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በር በመቀመጫችሁ እንደምትዘጉ ማለት ነው። ዱላው ከአንዱ ቦታ ከለቀቀ የታጠፋችሁት ከዳሌ ሳይሆን ከወገብ ነው። ልጁ በቪዲዮ ያየውን ሁሉ ያውቃል ግን ዱላው ጅራት አጥንቱን ወዲያው ነው የለቀቀው።

ሁለተኛ ሳምንት ላይ ባር አልሰጠሁትም፣ ቢጫዋን ጀሪካን ነው የሰጠሁት። አትሳቁ! አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ የትም ጂም ውስጥ እንደዚህ በትንሽ በትንሹ የሚጨምር ብረት አታገኙም። በ10 ሊትር ጀመረ፣ በእግሮቹ መሀል አቁሞ አስር አስር ጊዜ ሶስት ዙር፣ በየቀኑ ግን አይደለም፣ ቀን እየዘለለ፣ ሁለት ሁለት ሊትር እየጨመረ። እጀታዋ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ስለሚል ብዙ መጎንበስ የለም፣ ክብደቱም ወደ ሰውነት ተጠግቶ ነው የሚነሳው።

ባር ላይ ሲመለስ ትልቁ ጥያቄ የትኛውን አይነት ይስራ ነው። እኔ የምመርጠው የሚያመው የት ላይ እንደሆነ ጠይቄ ነው። ታች ጎንበስ ሲል የሚያመው ባሩን ከፍ አድርጎ ይጀምራል። ላይ ቆሞ ሲጨርስ የሚያመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ነው፣ እሱ ቀጥ ብሎ መቆም ይበቃዋል፣ ደረት ነፍቶ መንጋደዱ ምንም አይጨምርለትም። ብዙ ሰው ቀላል መስሎት የሚጀምረው ሮማኒያን ዴድሊፍት ደግሞ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ ወገብን ረጅም ሰዓት ስለሚያስይዝ እኔ ወደ ኋላ ነው የማቆየው።

የኛ ልጅ ታች ነበር የሚያመው። የኛ ሀገር ጂሞች ላይ ደግሞ አንድ ማንም ልብ የማይለው ጣጣ አለ። ትልቁ ባለ 45 ሳንቲም ፕሌት ሲገባ ባሩ ከመሬት 22 ሳንቲም ተኩል ላይ ነው የሚቆመው፣ ዴድሊፍት የተለካው በዚያ ነው። እዚህ በያጆች የሚቆርጧቸው ፕሌቶች ግን ያነሱ ናቸው፣ የልጁን ብንለካው 30 ሳንቲም ሆነ፣ ስለዚህ ባሩ 15 ሳንቲም ላይ ነው ያለው። ይሄ ልጅ ሳያውቅ ሁሌም ከሌላው ሰው ሰባት ሳንቲም ተኩል ዝቅ ብሎ ነው ሲያነሳ የኖረው! የፕሌቱንም ክብደት አትመኑ፣ 10 ተብሎ የተጻፈበትን እህል ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው 11 ከምናምን መጣ።

መፍትሄውን ራሱ አመጣው፣ ያረጀ የባጃጅ ጎማ። አንዱ ሲጋደም ወደ 10 ሳንቲም ነው፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ደርቦ ከላይ ሳንቃ አደረገበትና ባሩን አወጣው። በ40 ኪሎ ስምንት ስምንት ጊዜ ሶስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰራ ቁጥር 2.5 ኪሎ እንዲጨምር ነበር ያልኩት። ህጉ ደግሞ ይሄ ነበር፣ ከአስር ሶስት ድረስ ቢያም ችግር የለውም፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ካልሲ ሲያደርግ እንደ ሌላው ቀን መሆን አለበት። ዋናው ፈተና ካልሲው ነው እንጂ ጂም ውስጥ የሚሰማችሁ ስሜት አይደለም፣ ሰውነት ሲሞቅ ይዋሻል። ማስታገሻ ውጣችሁ ከገባችሁ ደግሞ ፈተናውም ጠፋ ማለት ነው።

50 ሲደርስ ተበላሸ። ጂሙ ውስጥ ከ2.5 ኪሎ ያነሰ ፕሌት የለም፣ ጓደኞቹም ነበሩ፣ በቃ በአንዴ 65 አደረገው። እያነሳ ምንም አላለውም። ጠዋት ካልሲው አልገባ አለ። ደወለልኝ፣ «ጋሼ እንደ አዲስ ልጀምር ነው?» ሲለኝ አብሽር አልኩት፣ ህመሙ ወደ እግር እስካልወረደ ድረስ ወደ ዱላው አንመለስም። ሁለት ቀን ተራመደ፣ ከዛ በ45 ሁለት ጊዜ ሰራና ወደ 50 ተመለሰ። አሸዋ 1.25 ኪሎ በጨርቅ ቋጥረን በየጎኑ አሰርንለት፣ ጂሙ ውስጥ ሳቁበት፣ ይሳቁ።

60 በሁለት ጎማ ሲመቸው አንዱን ጎማ አወጣን፣ ያን ቀን ግን ክብደቱ ወደ 50 ወረደ። ከፍታ ስትቀንሱ ክብደትም ቀንሱ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ካከበዳችሁ የትኛው እንዳሳመማችሁ አታውቁትም።

አሁን አምስተኛ ወሩ ነው፣ 90 ላይ ነው፣ የሚሰራውም ከሰዓት በኋላ ነው። የቀረውን አንድ ጎማ መቼ ላውጣው እያለ ይጨቀጭቀኛል። 15 እና 10 ስትደምሩ 25 ነው፣ ከትክክለኛው ከፍታ ሁለት ሳንቲም ተኩል ብቻ ነው የሚበልጠው፣ እዛው ይቀመጥ ብዬዋለሁ።