ፓምፑን 40 ኸርዝ ላይ አውርደን ለምን ከሰርን

«ውሃ ወደ ኮረብታ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ አለን። ድራይቭ ገጥማችሁ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ የመብራት ወጪው በግማሽ ይወርዳል አሉን። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ሕጉ ራሱ ልክ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ የውሃው መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ግፊቱ በካሬ፣ ኃይሉ በኩብ ይወርዳል። 0.8ን በ0.8፣ እንደገና በ0.8 ስታባዛው 0.51 ይመጣል። ግን ይህ የሚሠራው ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧ ሰበቃ ጋር ብቻ ሲሆን ነው፤ የፋብሪካ ማቀዝቀዣ ውሃ በዝግ መስመር ሲዞር እንደሚሆነው። የኮረብታው ቁመት ግን ፍጥነት ስለቀነስክ አይቀንስም።

ደብረ ብርሃን አካባቢ የሠራሁበት መስመር ቁመቱ 60 ሜትር ነበር። በሙሉ ፍጥነት፣ በ50 ኸርዝ፣ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ሲገፋ ሰበቃው ሌላ 20 ሜትር ይጨምራል። ፓምፑ 29 ኪሎዋት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ 0.29 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው።

40 ኸርዝ ላይ ስናወርደው 80 ሜትር ኩብ ጠብቀን 32 ብቻ አገኘን። ኃይሉ ወደ 11 ኪሎዋት ወርዷል፤ ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ደስ አለው። ለውሃው ስታካፍለው ግን ሜትር ኩቡ 0.35 ሆኗል። ታንከሩን ለመሙላት ከበፊቱ የበለጠ መብራት ፈጀን! ምክንያቱም ፓምፑ ብዙ ውሃ ሳይገፋ ሲቀር ብቃቱ ከ75 በመቶ ወደ 48 ገደማ ወረደ። ከ39 ኸርዝ በታች ደግሞ ፓምፑ 60 ሜትር ማንሳት አይችልም፤ እየዞረ ውሃ አይወጣም።

የሚያሰጋኝ እሱ ነው። ፋብሪካው የሰጠው ዝቅተኛ ፍሰት በሙሉ ፍጥነት 40 ሜትር ኩብ ነበር፤ በ40 ኸርዝ 32 ይሆናል። ማለትም ጫፉ ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ በታች ውሃው እዚያው ውስጥ እየተላወሰ ይሞቃል፣ ቤሪንጉና ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ሲሉ ይጎዳሉ። ምልክቱን በእጅህ ታውቀዋለህ፦ የፓምፑ አካል ይግላል፣ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ይመጣል፣ አምፔር እየተነበበ የውሃ ቆጣሪው ቆሞ ይቀራል።

በመጨረሻ 45 ኸርዝ ላይ አደረግነው። 72 ሜትር ኩብ በ0.27 ይሰጣል፤ 7 በመቶ ያህል ቁጠባ ነው። ለ1,000 ሜትር ኩብ 10 ሰዓት ይሠራ የነበረው 14 ሰዓት ይሠራል፣ ታንከሩ ይህን ይችላል። ድራይቩ ላይ ዝቅተኛውን ወሰን 43 አድርጌ ቆለፍኩት። ሰበቃው ከጠቅላላው ሩብ ብቻ ስለሆነ ፍጥነት በመቀነስ ብቻ ከሩብ በላይ ቁጠባ አይገኝም።

የእናንተን ለማወቅ ፓምፑን አቁማችሁ ከቼክ ቫልቩ በኋላ ያለውን ጌጅ አንብቡ። 6 ባር ካለ 60 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ 50፣ 47፣ 45 እና 43 ላይ ለየብቻ አንድ አንድ ሰዓት አሠርታችሁ፣ የመብራት ቆጣሪው በዚያ ሰዓት የጨመረውን የውሃ ቆጣሪው ለጨመረው አካፍሉት። ትንሹ ቁጥር የወጣበት ፍጥነት ነው የእናንተ። ድራይቩን ስትገዙም ከተማችሁ 2,800 ሜትር ላይ ከሆነች ንገሩ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ከ1,000 ሜትር በላይ አቅሙ ይቀንሳል፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ያስፈልጋችኋል።