12% ብለው ሲጽፉ፣ ከምን ላይ እንደሚቀነስ አብረው ይጻፉ

ጥያቄ፦ «አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ላዝዝ ስለሆነ ለአቅራቢዬ የቅናሽ ጥያቄ በኢሜይል ልልክለት ነው። የምፈልገውን መቶኛ እኔው ልጻፍ ወይስ እነሱ እስኪነግሩኝ ልጠብቅ?»

መቶኛውን እርስዎ ይጻፉ። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ግን መቶኛውን መጻፌ ሳይሆን ብቻውን መጻፌ ስለነበረ፣ እርስዎም እንዳይደርስብዎ በዝርዝር ልንገርዎ።

1. ከመጻፍዎ በፊት ከየትኛው ቅናሽ በታች እንደማይወርዱ ይወቁ። እኔ በወር 200 ዕቃ አዝዝ ነበር፤ በአንድ ጊዜ የሦስት ወሩን 600 ለመግዛት አሰብኩ። ካለፉት ደረሰኞቼ እንዳየሁት ከ100 ዕቃ 3ቱ ሳይሸጡ ወይም ተበላሽተው ይቀራሉ፤ ገንዘቤ መጋዘን ውስጥ ታስሮ በመቆየቱ የማጣውንም ወደ 3% ገመትኩት። ስለዚህ ከ6% በታች የሆነ ቅናሽ ለእኔ ኪሳራ ነው። ይህን ቁጥር ለራስዎ ይያዙት እንጂ በኢሜይሉ ላይ አይጻፉት። ለድርድር ቦታ እንዲኖረኝ ብዬ 12% ጠየቅሁ።

2. ቅናሹ በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደሚታሰብ ይግለጹ። እኔ የጻፍኩት «ከ500 በላይ ስለምናዝዝ 12% ቅናሽ እንዲደረግልን እንጠይቃለን» የሚል ነበር። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «ከ500 በላይ ለሆነው 12% ተፈቅዷል» ይላል። በደስታ ሙሉ ክፍያውን ፈጸምኩ። ደረሰኙ ሲመጣ ግን ቅናሹ የተሰላው ከ500 በላይ በሆኑት 100 ዕቃዎች ላይ ብቻ ነበር። የ72 ዕቃ ዋጋ ይቀነስልኛል ብዬ ስጠብቅ የተቀነሰልኝ የ12 ዕቃ ዋጋ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ትእዛዝ ሲሰላ 2% ብቻ ሆነ። 6% ለማይሞላ ነገር የሦስት ወር ገንዘቤን አሰርኩ ማለት ነው።

ወደ ሽያጭ ክፍላቸው ስደውል ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ጉዳዬን ሳያዳምጥ «የጻፉትን እርስዎ ራስዎ ያንብቡት» ብሎ ዘጋብኝ። በቃሉ አልተሳሳተም፤ ዓረፍተ ነገሬ ለሁለቱም ትርጉም ክፍት ነበር። ይሁን እንጂ ለዓመታት ገንዘቡን በወቅቱ የከፈለ ደንበኛ እንዲህ መመለስ አልነበረበትም፤ እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ለማንኛውም አቅራቢ የምልከው አንቀጽ ይህ ነው፦

«በአንድ የግዢ ትእዛዝ 600 ዕቃ የምናዝዝ ሲሆን፣ አሁን በሥራ ላይ ባለው የዋጋ ዝርዝራችሁ መሠረት፣ ታክስና ማጓጓዣ ከመጨመሩ በፊት ባለው የነጠላ ዋጋ ላይ፣ ከመጀመሪያው ዕቃ ጀምሮ በ600ውም ላይ የሚታሰብ የ12% ቅናሽ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ዕቃው በእናንተ በኩል ተከፋፍሎ ቢላክም ቅናሹ የሚታሰበው በትእዛዙ ጠቅላላ ብዛት ይሆናል። በዚህ ከተስማማችሁ፣ የቅናሹ መጠን በግልጽ የተጻፈበትን ፕሮፎርማ ከክፍያ በፊት እንድትልኩልን እንጠይቃለን።»

ስለ ተከፋፍሎ መላክ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ትርፍ አድርገው እንዳይቆርጡት። መጀመሪያ 400 ልከው «ጭነቱ 500 አልሞላም» የሚሉ አቅራቢዎች አሉ።

3. የመልሳቸውን መቶኛዎች ዝም ብለው አይደምሩ። በሚቀጥለው ግዢዬ፣ ከሌላ አቅራቢ ጋር፣ ከላይ ያለውን አንቀጽ ልኬ ያገኘሁት መልስ «10% እንፈቅዳለን፤ በ7 ቀን ውስጥ ከከፈሉ ተጨማሪ 2% እናደርጋለን» የሚል ነበር። ሲደመር የጠየቅሁትን 12% የሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቅናሽ የሚታሰበው 10% ከተነሳ በኋላ በቀረው 90 ላይ ከሆነ 1.8 ብቻ ስለሆነ ድምሩ 11.8% ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለነበረ አልተከራከርኩም፤ ሆኖም ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚሰላና 7ቱ ቀናት ከደረሰኙ ቀን ወይስ ዕቃውን ከተረከብኩበት ቀን እንደሚቆጠሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ ጠየቅሁ። «ከርክክብ ቀን» ብለው መለሱ። ፕሮፎርማውን ስከፍተው 10% በ600ውም ላይ በነጠላ ዋጋው ረድፍ ተቀንሶ፣ 2%ም ከነቅድመ ሁኔታው ከሥሩ ተጽፎ አገኘሁት። ያንን ካየሁ በኋላ በአራተኛው ቀን ከፈልኩ።

እርስዎም ረቂቁን ከመላክዎ በፊት ለሌላ ሰው ይስጡና «ስንት ዕቃ ላይ ነው የሚቀነስልኝ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን ከደብዳቤው ላይ ወዲያውኑ ማግኘት ካልቻለ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጻፉት።