ድስቱን አትድፉት፦ የጨው ጥያቄዎቻችሁ

ፋሲካ ካለፈ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ጨው ሆኗል። ባሕር ዳር ውስጥ ደህና ወጥ የሠራ ሰው የለም ወይ እስክል ድረስ። እንግዲህ አንድ ላይ ልመልሳችሁ።

«እትዬ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ውስጥ ድንች ከጨመሩ ጨዉን ይመጥጣል ይባላል። ሞከርኩት፣ አልሆነም። ጥፋቱ የድንቹ ነው የኔ?»

የሁለታችሁም አይደለም፤ ጥፋቱ የነገረሽ ሰው ነው። ድንች መረቁን ከነጨዉ ይጠጣል እንጂ ጨዉን ለይቶ አይስብም። ሁለት ጭልፋ መረቅ ጠጥቶ ቢወጣ ድስቱ ውስጥ የቀረው መረቅ ጨውነቱ ያው ነው፣ መጠኑ ብቻ ቀንሷል። ካላመንሽኝ ድንቹን ከመጨመርሽ በፊት አንድ ማንኪያ መረቅ በሲኒ አስቀምጪ፣ ድንቹ ሲበስል ሁለቱን ቅመሺ።

«ለኔ ሠርቶልኛል» የሚሉትም አልዋሹም። ድንቹን ለማብሰል ብለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምረዋል፤ የሠራላቸው ውሃው ነው። ድንች ለሚስማማው ወጥ፣ ለአልጫ ወይም ለሥጋ ወጥ ከሆነ፣ በርከት አድርገሽ ጨው በሌለው ውሃ ለብቻው ቀቅይና ጨምሪው። ያን ጊዜ ጨው የሌለው ምግብ ሆኖ ከጨዋማው ጋር ይካፈላል፤ አውጥተሽ አትጥዪውም፣ ይበላል።

አንድ ነገር ያዢልኝ፣ ከታች ላሉትም ይጠቅማል። ውሃ ይተናል፣ ጨው አይተንም። በ11 ሰዓት ልኩን የነበረ ወጥ ከሰል ላይ እስከ 1 ሰዓት ቢቀመጥ ጨው የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔውም ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ከጨዋማው ትቀንሻለሽ፣ ወይ ጨው የሌለው ትጨምሪያለሽ።

«ስኳር ብጨምርበትስ?»

ጨዋማ ወጥ ነበረሽ፣ አሁን ደግሞ ስኳር ስኳር የሚል ጨዋማ ወጥ ይኖርሻል።

«ቅዳሜ በጾም ሳልቀምስ የሠራሁት የፋሲካ ዶሮ ሌሊት ሲቀመስ ጨው ብቻ ሆነ። አማቴ ምንም አላሉም፣ እሱ ነው የገደለኝ። ያን ሁሉ ሽንኩርትና ቅቤ መድፋት ነበረብኝ?»

አልነበረብሽም፣ ልጄ። የአማትሽ ዝምታ ግን ይገባኛል። እኔም ሽምብጥ ሰፈር ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት አማቼ ሦስት ጊዜ ውሃ አስቀዱና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ተነሡ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ያንን የውሃ ብርጭቆ ነው።

የዶሮ ወጥ ጨው በሦስት በር ነው የሚገባው፤ እኛ የምንቆጥረው አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው እጥበቱ ነው። ብልቱን በሎሚና በጨው አሽተን እንዘፈዝፈዋለን፤ ከዚያ በደንብ ካልታጠበ ጨዉን ይዞ ድስት ይገባል። የኔ ጥፋት እሱ ነበር፣ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ አንዴ ብቻ አለቅልቄው ነበር። ሁለተኛው በርበሬው ነው። ብዙ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ጨው ይገባበታል፤ ዶሮ ደግሞ ብዙ በርበሬ ይጠጣል። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ በእጅሽ የጨመርሽው ነው። ደብዳቤሽ ላይ «ሦስት የሻይ ማንኪያ ነው ያደረግሁት፣ እንደ ወትሮው» ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ሦስተኛውን በር ነግረሽኛል።

እንደነገርሽኝ ቁሌትሽ 2 ሊትር ገደማ ነው። ለአንድ ሊትር ቁሌት ከየትም ይምጣ ከየት በጠቅላላው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃዋል፤ ለ2 ሊትር ሦስት ማለት ነው። አንቺ ሦስቱን በእጅሽ አደረግሽ፣ በርበሬውና እጥበቱ ሌላ አንድ ተኩል ጨመሩ እንበል። አራት ተኩል ሆነ። ሲሶውን ቁሌት ብታወጪ ከጨዉም ሲሶው ይወጣል፣ ድስቱ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ይቀራል። የወጣውን ያህል ጨው ያልነካው ቁሌት ከተካሽበት ልኩ ይመጣል።

አሠራሩ ይኸውልሽ። መጀመሪያ ብልቱንና እንቁላሉን በጭልፋ በቀስታ አውጥተሽ ከድነሽ አስቀምጪ፤ ሥጋው እንዳይፈርስ ነው። ቁሌቱን በደንብ አማስለሽ፣ ቅቤው ላይ ከሰፈፈ ከላይ ብቻ እንዳትቀጂ ተጠንቅቂ፤ ጨው ቅቤ ውስጥ አይሟሟም፣ ያለው ከታች መረቁ ውስጥ ነው። ሲሶውን በሌላ ዕቃ ገልብጪ። ከዚያ ሦስት ሩብ ኪሎ ሽንኩርት አድቅቀሽ ያለ ዘይት አቁላዪ፤ ውሃው ደርቆ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ። ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ያህል የፈላ ውሃ። በርበሬ አትጨምሪበት፤ ጨው ተመልሶ እንዳይገባ ነው፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ለሁለቱም ይበቃል። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ይላል፣ የሚታዘብሽ የለም። አዲሱን ከአሮጌው ቀላቅለሽ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀስታ ይንተክተክ፣ ብልቱን መልሺ፣ መከለሻውን መጨረሻ ላይ።

«ለምን ውሃ ብቻ አልጨምርም?» ትዪኝ ይሆናል። ውሃ ጨዉን ያለዝባል፣ ግን ቁሌቱም ይቀጥናል፤ ቀጥኖ ሲያስጠላሽ እንዲወፍር ታንተከትኪዋለሽ፣ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ እዚያው ይጠብቅሻል። ይህን ክብ የዞሩ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ።

አንድ የማይስተካከል ነገር አለ፦ ሥጋው ውስጥ የገባው ጨው። አዲሱ ቁሌት ውስጥ ሲቆይ ጥቂቱን ይለቃል፣ ሁሉንም ግን አይለቅም። ጨው የሌለው ቅቅል እንቁላል አብዢና እንጀራውን ቆረስ አድርገሽ አቅርቢ። ስትቀምሺም በእንጀራ ቅመሺ እንጂ በባዶ ማንኪያ አይሁን፤ የሚበላው በእንጀራ ነውና።

ያወጣሽውን ሲሶ አትድፊው። በፍሪጅ አስቀምጠሽ በማግስቱ ጨው ሳታደርጊ ለምትሠሪው ሽሮ መሠረት ይሆናል፤ የጾሙ ወራት ስላለፈ ቅቤውም አያስጨንቅሽም።

ለሚመጣው ዓመት ደግሞ፦ ጾም ላይ ነሽና አትቀምሺ፣ ግን ጨዉንም በእጅሽ አታድርጊ። ብልቱን ሦስት አራት ውሃ እጠቢ፣ ወጡን ያለ ጨው ጨርሰሽ አሳድሪው። ከቅዳሴ መልስ ሲሞቅ ጨዉን በሙቅ ውሃ አሟሙተሽ በጥቂት በጥቂት እያማሰልሽ ቅመሺ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለማይጾም ሕፃን አስቀምሳለሁ ካልሽ መልሱን ልንገርሽ፣ «ያቃጥላል» ነው። በማሽተት አውቃለሁ የሚሉትንም አትስሚ። ጨው አይሸትም።

«ሽሮዬ ጨው በዛበት፣ ባለቤቴ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይገባል።»

ከሁሉም የሚቀለው ይኼ ነው። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ ቀጠን አድርገሽ በጥብጪ፣ እያማሰልሽ ጨምሪው፣ ከወፈረ የፈላ ውሃ አክዪ፣ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ ይንተክተክ። ግን የምትበጠብጪው ዱቄት ጨው ገብቶበት የተፈጨ ከሆነ ምንም አልሠራሽም፤ እጅሽ ላይ ትንሽ ነስንሰሽ ቅመሺው።

«ከሐይቁ ዳር የገዛሁት የዓሣ ቋንጣ ወጥ ጨው ሆነ። ጨው ከወጥ አይወጣም ብለው ጽፈው ነበር፣ ታዲያ ይጣል?»

ከወጥ አይወጣም፣ ከቋንጣ ግን ይወጣል፣ ለዚያውም ውሃውን የምትደፊው ከሆነ። ጨው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይቆማል። ድንቹ ወጡን ያላዳነው ለዚህ ነው፤ ቋንጣው የሚድነው አዲስ ውሃ ስትቀይሪለት ነው።

ቁርጥራጩን ከወጡ ለቅመሽ ጨው በሌለው ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃውን ደፍተሽ ድገሚው። ከአንዱ ጫፍ ቆርሰሽ ቅመሺ፣ አሁንም ከጠና ሦስተኛ ውሃ። ቁሌቱን ለዶሮው እንዳልኩት በሲሶ ቀይሪ። ዓሣ ነውና ስትመልሺው አታማስዪ፣ ድስቱን በጆሮው ይዘሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ አለበለዚያ የዓሣ ወጥ ሳይሆን የዓሣ ገንፎ ትበያለሽ። ሁለተኛ ስትሠሪ ዝፍዘፋው ድስት ሳይጣድ በፊት ይሁን። ትኩስ ቀረሶ ወይም አምባዛ ከሆነ ግን በውሃ አትዘፍዝፊው፣ ሥጋው ይበታተናል፤ ቁሌቱን ብቻ ቀይሪ።

«ለሠርግ በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ ጨው ቢበዛበትስ?»

ስሌቱ ያው ነው፣ ክንዱ ነው የሚለየው። የድግስ ወጥ ቤቷን ጠይቋት።

«የተረፈውን ለውሻዬ ልስጠው?»

አይሆንም። ጨዉም ሽንኩርቱም ይጎዳዋል።

«አባቴ የደም ግፊት አለባቸው። ወጡ ላይ ሎሚ ስጨምቅበት ጨዉ ጠፋ። ቢበሉት ምን አለበት?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጨዉ አልጠፋም፣ ተደበቀ። ሎሚ ምላስን ያታልላል፣ ደም ሥርን አያታልልም፤ ማንኪያው ውስጥ ያለው ጨው ሎሚው ከመጨመቁ በፊት የነበረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ በርበሬውና ዳቦው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

በቁሌት የተስተካከለውም ቢሆን ለአባትሽ የሚሆን አይደለም፤ ልኩ የመጣው ለእኛ ምላስ ነው። የርሳቸውን ድርሻ ጨው ከመግባቱ በፊት በትንሽ ድስት ቀንሺላቸው፣ ጨው በሌለው በርበሬ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አጣፍጪው። ሎሚውን ያኔ ጭመቂበት፣ ያኔ ሥራ ይሠራል። «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትገዢ፤ ፖታሲየም ያለበት አለ፣ ኩላሊት ለታመመና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ አደገኛ ነው። ስንት ጨው እንደሚፈቀድላቸው እኔ አልነግርሽም፣ የሚከታተላቸው ሐኪም ይንገርሽ፤ በዚህ ሳምንት ይዘሻቸው ሂጂ። እግራቸው ካበጠ ወይም ተኝተው መተንፈስ ከቸገራቸው ዛሬውኑ እንጂ ሳምንት አትጠብቂ።

«ባለቤቴ ገና ሳይቀምስ ጨው ይነሰንሳል። ምን ላድርገው?»

አንድ ቀን ጨው የበዛበትን ሳታስተካክዪ አቅርቢለትና ሲነሰንስ ዝም ብለሽ እዪው።