የሹራቡ መለያ ላይ ያሉት ምልክቶች

«አዲስ ሹራቤ ሱፍና አክሪሊክ ነው። መለያው ላይ 30 የተጻፈበትና ከሥሩ ሁለት መስመር ያለው ሳፋ፣ የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ አግድም መስመር ያለው ካሬ፣ አንድ ነጥብ ያለው ካውያ አለ። እንዴት ልጠበው?»

ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃ፣ ያለ በረኪና እጠበው፤ አንጥፈህ አድርቀው፤ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሰው።

ሁለቱ መስመሮች ማሽኑ በጣም ቀስ ብሎ እንዲያሽከረክር ያዛሉ፤ የሱፍ ፕሮግራም ካለው እሱን ምረጥ። ሱፍ የሚኮማተረው በሙቀት ብቻ ሳይሆን በመፈተግም ጭምር ነውና በእጅ ብታጥብም አትሸው፤ እየተጫንክ ውኃውን አስወጣለት።

የተሰረዘው ሦስት ማዕዘን ማንኛውንም ማንጫ ይከለክላል። በረኪና ሱፍን ቢጫ አድርጎ ክሩን ይበላዋል። ባይሰረዝና ውስጡ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ቢኖሩት ኖሮ ክሎሪን የሌለበት ማንጫ ይፈቀድ ነበር።

አግድም መስመሩ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፈው ማለት ነው። ገመድ ላይ ከሰቀልከው ውኃው ወደ ታች ይጎትተውና እጅጌው ይረዝማል። በፎጣ ጠቅልለህ ተጫነው፤ ከዚያ ቅርጹን አስተካክለህ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጋው። ካሬው ውስጥ ክብ ቢኖር ግን ስለ ማድረቂያ ማሽን ነው የሚያወራው።

የካውያው አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ነው፤ እንፋሎት አትጠቀም። ብዙ ካውያዎች መዘውራቸው ላይ ያው ነጥብ አላቸው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ የጥጥ ሸሚዝ ተኩሰህ መዘውሩን ወደ አንድ ነጥብ ስትመልሰው ብረቱ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ አክሪሊኩም ይቀልጣል። እኔ ሁልጊዜ ሹራቡን አስቀድሜ ነው የምተኩሰው።