ምስር ወጥ በ25 ደቂቃ፣ ከነቁጣዬ

ውጭ አገር ለምትማሩ ልጆች ነው። ማታ ከሥራ ገብታችሁ ፒዛ ለምታዙ፣ ወሩ ሳያልቅ ገንዘብ አለቀብኝ ለምትሉ። «ወጥ ጊዜ ይፈጃል» ትሉኛላችሁ። ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ እንጂ ምስሩ አይደለም! ስለዚህ ቁሌቱን እሁድ በአንዴ ሠርታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። በሥራ ቀን የሚቀራችሁ ምስሩ ብቻ ነው።

1. ግዢ

ቀዩን ምስር ክክ ግዙ። የሐበሻ ሱቅ ከሌለ ሕንዶች ጋ ሂዱ፣ «ማሱር ዳል» በሉ፣ ክኩን ይሰጧችኋል። ሳይዘፈዘፍ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። ድፍኑ ምስር ግን እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ለቅዳሜ ተዉት። ከአገር ቤት በርበሬ ይዞ አሜሪካ የሚገባ ሰው ጉምሩክ ላይ ምግብ መያዙን ይናገር፣ አይደብቅ።

2. የእሁዱ ቁሌት

1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ዘይት ሳታደርጉ ድስት ውስጥ ክተቱት፣ መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉ። ውሃው ደርቆ ድስቱን መያዝ ሲጀምርና መልኩ ወደ ቡናማ ሲሄድ፣ ምናልባት ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ አንድ የቡና ስኒ ተኩል ያህል ዘይት ጨምሩ። ትንሽ ቆይታችሁ እሳቱን ቀንሱና 10 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ወዲያው ጠብ የሚል ሙቅ ውሃ። ያዝ ሲያደርግ እንደገና ጠብ። እንዲህ እያላችሁ 15 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን መጨረሻ አካባቢ። ጥሬው የበርበሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ በዳር በዳር ወጣ ሲል ደርሷል።

አሁን ቁጣዬ። ያ በርበሬ እኮ እናታችሁ ዛላውን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ያስፈጨችው ነው። የሰው ሻንጣ ለምና የላከችው። እናንተ ደግሞ የሚጨስ ዘይት ላይ ትደፉትና የጭስ ደወሉ ሕንፃውን ሙሉ ያስወጣል! አንድ ልጅ በቀደም ስልክ ደወለልኝ፣ «ምስሩ የተበላሸ ነው መሰለኝ፣ አንድ ሰዓት ቀቅዬው እምቢ አለ፣ ደግሞ ይመራል» ይላል። እንዴት እንደሠራው አስነገርኩት። ሽንኩርቱን ከዘይቱ ጋር በትልቅ እሳት ሁለት ደቂቃ፣ በርበሬውን ያለ ጠብታ ውሃ፣ ከዚያ ምስሩንና አንድ ጣሳ የቲማቲም ድልህ በአንድ ላይ። በል እንግዲህ፣ ምሬቱ ያረረው በርበሬ ነው፣ ጠቁሮ ጉሮሮ ሲከነክን ይታወቃል። ስኳር ጨምሮበታል፣ አያድነውም፣ ያረረ በርበሬ ይደፋል እንጂ አይታከምም። ምስሩ እምቢ ያለው ደግሞ በቲማቲሙ ነው። የኮመጠጠ ነገር ምስር እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ቲማቲም የግድ ካላችሁ ምስሩ ከፈረሰ በኋላ ጨምሩ። እኔ ግን ቲማቲም ባይገባበት እመርጣለሁ።

ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ በርበሬ የምታስቀምጡ! ሙቀትና ብርሃን መልኩንም ሽታውንም ይበሉታል። አጥብቃችሁ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ አውጡ።

ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ አራት ቦታ ከፍላችሁ በትናንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። አንዱ ለአንድ ኩባያ ምስር ይሆናል።

3. የሥራ ቀን

ውሃ ጣዱ። አንድ ኩባያ ክክ ውሃው ጠራ እስኪል እጠቡ። አንዱን የቁሌት ፌስታል ድስት ውስጥ ገልብጡ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ይፍታ። ምስሩን ጨምራችሁ አንዴ አገላብጡት፣ ከዚያ ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ። ሲፈላ ይገነፍላልና እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ታች ይይዛል፣ እየተመላለሳችሁ አማስሉ። ፍሬው በማንኪያ ሲነካ ከፈረሰ ጨው፣ ካላችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ መከለሻ፣ አውርዱ። እንጀራ ውድ ነው አትበሉኝ፣ በሩዝም በዳቦም ይበላል።

4. የተረፈውን

ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ፣ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። በማግስቱ ይጠጥራል፣ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ አሙቁት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳትከድኑ አታስገቡ፣ ይፈናጠራል፣ የሚያጸዳው ደግሞ አብሯችሁ የሚኖረው ልጅ ነው።